ኮል፣ ፑት እና በመካከላቸው የተደበቀው ብድር

(በአንድ ምሽት ቆሜ ያወራሁት ነው። ጽሑፍ ሳደርገው ብዙም አላስዋብኩትም፣ የተጠየቅኩትንም አልቆረጥኩም።)

እንደምን አመሻችሁ። እጅ በማስወጣት ልጀምር።

አንድ አክሲዮን አለ። ዛሬ ገበያ ላይ 100 ያወጣል። የየት አገር ገንዘብ ነው የሚለውን እንተወው፣ ቁጥሩ ይበቃናል። በዚህ አክሲዮን ላይ ሁለት ውሎች ይሸጣሉ። አንደኛው ልክ የዛሬ ዓመት አክሲዮኑን በ105 የመግዛት መብት ይሰጣችኋል። ይሄ ኮል ነው። ሁለተኛው በዚያው ቀን አክሲዮኑን በዚያው በ105 የመሸጥ መብት ይሰጣችኋል። ይሄ ፑት ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ኦፕሽን ይባላሉ። መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ካላዋጣችሁ ትተዉታላችሁ፣ ውሉም ይቃጠላል። ግዴታው ያለው ውሉን የሸጠላችሁ ሰው ላይ ነው። አክሲዮኑ በዓመቱ ውስጥ ምንም የትርፍ ድርሻ አይከፍልም። ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ ትበደራላችሁ፣ ስታስቀምጡም ያንኑ 5 በመቶ ታገኛላችሁ።

አሁን ከሁለቱ ውድ የሚሆነው የትኛው ነው? ኮሉ ወይስ ፑቱ?

ኮል ያሉት ብዙ ናቸው። ምክንያታቸው አክሲዮን በጊዜ ብዛት ይጨምራል የሚል ነው። ፑት ያሉት ደግሞ ጠንቀቅ ያሉ ናቸው። 100 የሚያወጣን ነገር በ105 መሸጥ ከወዲሁ 5 የያዘ መብት ነው፣ ስለዚህ ፑቱ ይበልጣል አሉ። ከኋላ የተቀመጡት «እንደ ሁኔታው ነው» ብለው አመለጡ።

መልሱ እኩል ናቸው የሚል ነው። ኮሉ 9 ከሆነ ፑቱም 9 ነው። ኮሉ 14 ከሆነ ፑቱም 14። አክሲዮኑ ይወጣል ብላችሁ እርግጠኛ ብትሆኑም፣ ይወድቃል ብላችሁ እንቅልፍ ብታጡም ያው ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የመጣሁት ይህን ብቻ ነው፤ አንድም ትንበያ ሳናደርግ፣ በመደመርና በመቀነስ ብቻ እንደርስበታለን።

ሁለት ቅርጫት አስቡ። የመጀመሪያው ውስጥ ኮሉና 100 ጥሬ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡ በ5 በመቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው ውስጥ ፑቱና አንድ አክሲዮን አለ። ሁለቱንም ዘግተን ዓመቱን እንጠብቅ።

ዓመቱ ደረሰ፣ አክሲዮኑ 130 ገባ እንበል። የመጀመሪያውን ስንከፍት 100 ገንዘባችን 105 ሆኗል። በ105ቱ ኮሉን ተጠቅመን አክሲዮኑን እንገዛለን። እጃችን ላይ 130 የሚያወጣ አክሲዮን አለ። ሁለተኛውን ስንከፍት አክሲዮኑ እዚያው አለ፣ ፑቱ ተቃጥሏል። 130።

አክሲዮኑ ወርዶ 80 ከሆነስ? በመጀመሪያው ቅርጫት ኮሉ ተቃጥሏል፣ 105 ጥሬ ገንዘብ ግን አለ። በሁለተኛው አክሲዮኑ 80 ቢያወጣም ፑቱ ስላለን በ105 እንሸጠዋለን። 105። ልክ 105 ላይ ካረፈም ሁለቱም ቅርጫት 105 ናቸው፣ ውሎቹ ኖሩም አልኖሩም ለውጥ የለውም።

የፈለጋችሁትን ሌላ ቁጥር ሞክሩ። 3 ይሁን፣ 700 ይሁን፣ ሁለቱ ቅርጫቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ከአክሲዮኑ ዋጋና ከ105 የሚበልጠውን ይሰጧችኋል። ዓመቱ ሲያልቅ ምንም ቢመጣ እኩል የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ዛሬም ዋጋቸው እኩል መሆን አለበት። የዛሬው ሂሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦

C + K/(1+r) = P + S

C ኮሉ፣ P ፑቱ፣ S የዛሬ የአክሲዮን ዋጋ፣ K በውሉ የተጻፈው ዋጋ፣ r ለዓመቱ የሚከፈለው ወለድ። በእኛ ቁጥር K/(1+r) ማለት 105 ለ1.05 ሲካፈል ነው፣ 100 ይመጣል። S ደግሞ 100 ነው። በሁለቱም በኩል 100 ሲነሳ C = P ይቀራል። እኩል ናቸው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። 105ን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ፤ 100 በ5 በመቶ ወለድ ዓመት ሲቆይ የሚደርስበት ቁጥር ስለሆነ። ውሉ በ110 ወይም በ90 ቢጻፍ ኮሉና ፑቱ ይለያያሉ፣ ልዩነታቸው ግን አሁንም ከዚሁ ቀመር ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጋሼ ከፊት ረድፍ አቋረጡኝ። «እኩል መሆን አለበት ትላለህ፤ ማነው የሚያስገድደው? ገበያ የፈለገውን ዋጋ ይለጥፋል» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ እስካሁን «አለበት» ብዬ ብቻ ነው ያለፍኩት። የሚያስገድደው ትርፍ ፈላጊ ሰው ነው። እንየው።

ገበያው ኮሉን 9፣ ፑቱን 6 አድርጎ ለጠፈ እንበል። ኮሉ ከፑቱ አንጻር በ3 ተወዷል። ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ያዩ የመጀመሪያው ሰው ነዎት። የተወደደውን ይሸጣሉ፣ የረከሰውን ይገዛሉ። ኮሉን ሸጠው 9 ይቀበላሉ። ፑቱን ገዝተው 6 ይከፍላሉ። አክሲዮኑን በ100 ይገዛሉ። ለዚህ 100 ይበደራሉ። ሲደመር፦ 9 ገባ፣ 6 ወጣ፣ 100 ወጣ፣ 100 ገባ። እጅዎ ላይ 3 ቀርቷል። ከኪስዎ አንድ ሳንቲም አላወጡም።

ይህቺ 3 ግን የሆነ ጊዜ መከፈል አለባት ብለው ይጠረጥራሉ። ይጠርጥሩ፣ ዓመቱን እንጠብቅ። አክሲዮኑ 130 ገባ። ኮል የሸጡለት ሰው ይመጣና «በ105 ስጠኝ» ይላል። አክሲዮኑ እጅዎ ላይ ስላለ ይሰጡታል፣ 105 ይቀበላሉ፣ ብድሩ ከነወለዱ 105 ነው፣ ይከፍላሉ። ዜሮ። 80 ከሆነ ኮል የገዛው ሰው አይመጣም። እርስዎ ግን ፑት አለዎት፤ አክሲዮኑን በ105 ይሸጣሉ፣ ብድሩን ይከፍላሉ። አሁንም ዜሮ። በየትኛውም መንገድ አክሲዮኑ ከእጅዎ በ105 ይወጣል፣ 105ቱም ለብድሩ ይሄዳል። ያቺ 3 ገና በመጀመሪያው ቀን ኪስዎ ገብታለች፣ ማንም አይጠይቅዎትም።

አርቢትራጅ የሚባለው ይሄ ነው። ዕድል አይደለም፣ ጥሩ ግምትም አይደለም። በየትኛውም መጨረሻ የማይከሰርበት፣ ያለ መነሻ ገንዘብ የሚገኝ ትርፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይሠራም። ሰው ሁሉ ኮሉን ሲሸጥ ኮሉ ይረክሳል፣ ፑቱን ሲሻማ ፑቱ ይወደዳል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። «አለበት» ያልኩትን የሚያስፈጽመው ይህ ግፊያ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ኮሉ 5፣ ፑቱ 7 ቢሆን አሠራሩ ይገለበጣል። ኮሉን ትገዛላችሁ፣ ፑቱን ትሸጣላችሁ፣ አክሲዮኑን ከባለቤቱ ተውሳችሁ በ100 ትሸጣላችሁ፣ 100ዋን ታስቀምጣላችሁ። ዛሬ 2 ይተርፋችኋል። በዓመቱ የተቀመጠው 105 ይሆናል። አክሲዮኑ ከ105 በላይ ከሆነ ራሳችሁ በኮሉ በ105 ትገዙታላችሁ፤ በታች ከሆነ ፑት የሸጣችሁለት ሰው በ105 ያስረክባችኋል። በወደዳችሁም በጠላችሁም በ105 አንድ አክሲዮን እጃችሁ ይገባል። እሱን ለተዋሳችሁት ሰው ትመልሳላችሁ። አለቀ።

እንግዲህ ኮል ሸጦ፣ ፑት ገዝቶ፣ አክሲዮን የያዘ ሰው ምን እንደያዘ ልብ በሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታዩ የአክሲዮን ጠረን የላቸውም። ዛሬ የታወቀ ገንዘብ ይወጣል፣ የዛሬ ዓመት የታወቀ 105 ይገባል። ይሄ ብድር ነው። አበዳሪው እናንተ ናችሁ። ቀመሩን ገልብጣችሁ ብትጽፉት ይታያችኋል፦

S + P − C = K/(1+r)

በግራ በኩል ሦስት የሚወዛወዙ ነገሮች አሉ፣ በቀኝ በኩል ንቅንቅ የማይል የብድር ዋጋ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ቀመሩን ከነወለዱ አላጠናሁትም ነበር፤ C − P = S − K ብዬ ነበር በጭንቅላቴ የያዝኩት። አንድ ቀን ልክ እንደ ዛሬው ምሳሌ ያለ ነገር አየሁ፤ አክሲዮኑ 100፣ የውሉ ዋጋ 105፣ ኮሉ 7፣ ፑቱም 7። በእኔ ሂሳብ ኮሉ ከፑቱ በ5 ማነስ ነበረበት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኮሉን ልሽጥ፣ ፑቱን ልግዛ፣ አክሲዮኑን ልግዛ አልኩ፤ 100 አውጥቼ በዓመቱ ያለ ምንም ስጋት 105 ላገኝ! ወረቀት ላይ ጽፌ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ እየሮጥኩ አሳየሁት። ወረቀቱን አይቶ «ባንክ ብታስቀምጠውስ ስንት ያመጣል?» አለኝ። ዝም አልኩ። 105 ነዋ።

ያ ትርፍ የመሰለኝ 5 ወለዱ ነበር። የራሴን 100 ለአንድ ዓመት አስሬ የምቀበለው ኪራይ እንጂ አርቢትራጅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ነፃ ትርፍ ሲመስለኝ መጀመሪያ ገንዘቡን በብድር አደርገዋለሁ። ብድሩ ከተከፈለ በኋላ የተረፈ ነገር ካለ እናወራለን፤ ከሌለ ያገኘሁት ወለድ ነው።

ይህ ብድር የመሆን ነገር የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ሩሰል ሴጅ የሚባል ባለሀብት ነበር። በጊዜው አራጣን የሚከለክል ሕግ ነበር፣ ከተወሰነ ወለድ በላይ ማበደር አይቻልም። ሴጅ ታዲያ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው «አበድርሃለሁ» አይልም። አክሲዮኑን ይገዛዋል። ከገንዘብ ፈላጊው ደግሞ አክሲዮኑን በተወሰነ ከፍ ያለ ዋጋ መልሶ የመሸጥ መብት ይቀበላል፤ ለሰውየው በዚያው ዋጋ መልሶ የመግዛት መብት ይሰጠዋል። አንዱ ፑት ነው፣ ሌላው ኮል። ቀኑ ሲደርስ አክሲዮኑ ቢወጣ ሰውየው ይገዛዋል፣ ቢወርድ ሴጅ ይሸጥለታል፤ በየትኛውም መንገድ አክሲዮኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ገንዘቡም ወደ ሴጅ። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ወለድ ነው፣ ሕጉ ሊያየው ያልቻለ ወለድ። ይህን ግንኙነት በቀመርና በማስረጃ አስቀምጦ በዘመናዊ የፋይናንስ ጽሑፍ ያወጣው ሃንስ ስቶል ነው፣ በ1969። ከእሱ በፊት ነጋዴዎቹ በእጃቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በ1973 ሲከፈት የሚያገበያየው ኮል ብቻ ነበር። ፑት የመጣው በ1977 ነው። በመካከል ፑት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ቀመሩን P ብቻዋን እንድትቀር አድርጋችሁ ጻፉት፦ P = C + K/(1+r) − S። ኮል ግዛ፣ 100 አስቀምጥ፣ አክሲዮኑን ተውሰህ ሽጥ። ፑት እቤት ውስጥ ሠራህ። ኮሉ 9 ከሆነ ይህ የቤት ውስጥ ፑት 9 ፈጀብህ።

ወደ ቅድመ ሁኔታዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። እስካሁን ያወራሁት የአውሮፓ ዓይነት ስለሚባለው ኦፕሽን ነው፤ የአውሮፓ ስል ግን የተሸጠበትን አገር ማለቴ አይደለም። መብቱ በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚሠራ ማለት ነው። የአሜሪካ ዓይነት የሚባለው በማንኛውም ቀን ይሠራል። ይሄ የሚነካው የቱን ነው? ኮሉ 5፣ ፑቱ 7 ሲሆን የሠራነውን የተገለበጠ ንግድ አስታውሱ፤ ፑት ሸጠን ነበር። ፑቱ የአሜሪካ ዓይነት ቢሆን አክሲዮኑ በሦስተኛው ወር 20 ሲገባ የገዛን ሰው መጥቶ «105 አሁኑኑ ክፈል» ይላል። ያስቀመጥነው 100 ገና 101 ከምናምን ነው። 105 የሚሆነው በዓመቱ ነው። ጎደለብን። ስለዚህ በአሜሪካ ዓይነት እኩልነቱ ይፈርሳል፣ ፑቱም አስቀድሞ መጠቀም ስለሚያስችል ከአውሮፓው ሊወደድ ይችላል። የኮሉ ነገር ለየት ይላል፤ የትርፍ ድርሻ በማይከፍል አክሲዮን ላይ፣ ወለዱ ከዜሮ በታች እስካልሆነ ድረስ፣ ኮልን ከቀኑ በፊት መጠቀም አያዋጣም። 105ቱን ቶሎ ከፍሎ ወለዱን ማጣት ነውና፣ ከመጠቀም መሸጥ ይሻላል።

የትርፍ ድርሻ የሌለው የምንለው ደግሞ ቅርጫቶቹ በመካከል ምንም እንዳያፈሱ ነው። ሁለተኛው ቅርጫት ውስጥ አክሲዮን አለ፤ አክሲዮኑ በስድስተኛው ወር 4 ቢከፍል ያንን 4 የሚያገኘው ሁለተኛው ቅርጫት ብቻ ነው። ኮል የያዘ ሰው አይደርሰውም። እኩል የነበሩት እኩል አይሆኑም። ክፍያው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ከሆነ የዚያን 4 የዛሬ ዋጋ ከ S ላይ ቀንሶ መቀጠል ይቻላል፣ እሱ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

አንዲት ወጣት ስልኳን አውጥታ «እኔ አሁን ዋጋዎቹን እያየሁ ነው፣ አይገጥምም። በ2 ይለያያል። ሀብታም ሆንኩ?» አለችኝ። ሳቅን። ቀጥሎ የምለው ለእሷ ነው።

መጀመሪያ የምታይው ዋጋ መቼ የተሸጠበት እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ የሚታየው የመጨረሻ ግብይት ዋጋ ነው። ኮሉ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተሸጠ ሊሆን ይችላል፣ ፑቱ ጠዋት፣ አክሲዮኑ አሁን። ሦስት የተለያዩ ሰዓቶችን አንድ ቀመር ውስጥ ከተትሽ። የሚያስፈልግሽ በዚህች ደቂቃ የምትገዢበትና የምትሸጪበት ዋጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ነው እንጂ አንድ አይደለም። ስትገዢ ከፍ ያለውን ትከፍያለሽ፣ ስትሸጪ ዝቅ ያለውን ትቀበያለሽ። ሦስት ነገር ስትገበያዪ ሦስት ጊዜ ትቆረጫለሽ። ብድርሽም በ5 በመቶ ላይሆን ይችላል፤ አንቺ በ8 ተበድረሽ በ3 የምታስቀምጪ ከሆነ ቀመሩ ለአንቺ አንድ መስመር መሆኑ ይቀርና ሰፊ መንገድ ይሆናል። መንገዱ ውስጥ ያለ ክፍተት ለአንቺ ትርፍ አይደለም፣ ርካሽ ገንዘብ ላለው ትልቅ ተቋም ግን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ክፍተቱን የሚዘጉት እነሱ የሚሆኑት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ክፍተቱ ከቀረ፣ የተወደደው ፑቱ ከሆነ፣ ጥርጣሬዬ አክሲዮኑ ላይ ይወድቃል። ኮሉ 8፣ ፑቱ 10 ነው እንበል። ትርፉን ለማግኘት አክሲዮኑን ተውሶ መሸጥ ያስፈልጋል። ሁሉም ሊሸጠው የሚሻማው አክሲዮን ግን በነፃ አይዋስም። ባለቤቶቹ በዓመት 2 በመቶ ኪራይ ከጠየቁ፣ በ100 ላይ 2 ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ የዛሬ ዋጋው 1.90 ገደማ። ካየሽው 2 ላይ ይሄ ሲነሳ 0.10 ቀረሽ፤ እሷንም የመግዣና የመሸጫው ልዩነት ይበላታል። ክፍተቱ ስህተት አልነበረም፣ የአክሲዮኑ ኪራይ ነበር፤ ፑቱ ውስጥ ተሸጉጦ።

አንድ ትንሽ ጣጣም አለ፣ ወረቀት ላይ የማይታይ። አክሲዮኑ በመጨረሻው ቀን ልክ 105 ላይ ወይም እዚያው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ኮል የሸጣችሁለት ሰው መብቱን ይጠቀም አይጠቀም አታውቁም። ከተጠቀመ አክሲዮኑ ይሄዳል። ካልተጠቀመ በማግስቱ አክሲዮኑን ታቅፋችሁ ትነሳላችሁ፣ ሌሊቱን መጥፎ ዜና ከወጣ ደግሞ በ105 ሳይሆን በ95 ልትሸጡት ነው። ዜሮ ነው ያልነው ሂሳብ ዜሮ አልሆነም።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁት እኚያው ጋሼ ናቸው። «ኮሉ 9፣ ፑቱ 6 ሲሆን የተሳሳተው የቱ ነው? ኮሉ ነው ተወደደ ወይስ ፑቱ ረከሰ?»

አይታወቅም። ቀመሩ ልዩነታቸውን እንጂ ቁመታቸውን አያውቅም። ሁለቱም 6 ቢሆኑ ይገጥማል፣ ሁለቱም 9 ቢሆኑ ይገጥማል። ሁለቱም 50 ቢሆኑስ? ለ100 አክሲዮን 50 የሚከፈልበት ኮል እብደት ይመስላል፣ ግን ቀመሩ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም፤ 50 ሲቀነስ 50 ዜሮ ነው። ሦስቷን ለማግኘት እርስዎ ጥፋተኛውን ማወቅ አላስፈለገዎትም፤ አንዱን ሸጠው ሌላውን ገዝተዋል። ቁመቱን ለማወቅ ግን አክሲዮኑ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ መገመት ግድ ነው፤ ብላክና ሾልስ በ1973 ያወጡት ቀመር የሚጠይቀውም እሱን ነው። እዚያ ስንደርስ ያለ ግምት መሄድ ያቆማል።